ውሾቹስ ከዚያ ወዲያ ምን ሆኑ?

ደሴ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሥልጠና ነበር። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነበርኩ። ከየወረዳው የመጡ የልማት ሠራተኞች፣ የቀበሌ ሰዎችና ጥቂት ገበሬዎች ተቀምጠዋል። ርዕሱ ያው የምታውቁት ነው፤ «የጠባቂነት አመለካከትን መቅረፍ»። ወሎ ውስጥ ኖሮ ይህን ርዕስ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም።

አሠልጣኙ ጎበዝ ተናጋሪ ነው። ከሻይ ዕረፍት በኋላ እንቅልፍ እንዳይወስደን ብሎ መሰለኝ ታሪክ ጀመረ። አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች ውሾችን አስረው በኤሌክትሪክ ነዘሯቸው። ውሾቹ ማምለጥ አልቻሉም። በማግስቱ ዘለው ማምለጥ የሚችሉበት ሳጥን ውስጥ ሲገቡ ግን ተኝተው ዝም አሉ። «ይሄ ለርንድ ሄልፕለስነስ ይባላል፤ አቅመ ቢስነትን ተማሩት ማለት ነው» አለ። ከዚያ ወደኛ ዞረ። «የኛም ማኅበረሰብ እንደዚሁ ነው። በ77 እርዳታ ለመደ። አሁን በሩ ተከፍቶለትም አይወጣም።»

አዳራሹ ውስጥ ጉርምርምታ ተሰማ። ትልልቅ ሰዎች ፊት ቆሞ ሰውን ከውሻ ጋር ማወዳደር እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ከለጋምቦ የመጡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጡም። ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው፣ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ።

«ይጠይቁ አባቴ።»

«ውሾቹስ ከዚያ ወዲያ ምን ሆኑ?»

አሠልጣኙ ግር አለው። «ማለት?»

«እንዲያው እንደተኙ ቀሩ? ወይስ ተነሡ? ከተነሡስ ማን አስነሣቸው?»

ሰዉ ሳቀ። አሠልጣኙም አብሮ ሳቀና፣ «ዋናው ነጥብ እሱ አይደለም አባቴ» ብሎ ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ። ሽማግሌው «አብሽር» ብለው ተቀመጡ።

እኔን ግን ጥያቄያቸው አልለቀቀኝም። የውሾቹን ታሪክ ከዚያ በፊትም ሰምቼዋለሁ። በሰማሁት ቁጥር የሚያልቀው ውሾቹ ተኝተው ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደተደረገ የሚናገር ሰው አላጋጠመኝም። ስለዚህ ፈልጌ ማንበብ ጀመርኩ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ሃምሳ ዓመት ያህል ሲያብሰለስሉት የኖሩት ጉዳይ ከሽማግሌው ጥያቄ ብዙም የራቀ አልነበረም።

## ሦስት ቡድን ውሾች

ነገሩ የተጀመረው በአጋጣሚ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በሪቻርድ ሰለሞን ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ስለ ፍርሃት ይጠና ነበር። ውሾች ድምፅ ይሰማሉ፤ ከድምፁ ጋር ሊያመልጡት የማይችሉት ኤሌክትሪክ ይመጣል። ቀጥሎ ውሻው ለሁለት በተከፈለ ሳጥን ውስጥ ይገባል። በመሀል አጥር አለ። አጥሩን ከዘለለ ከኤሌክትሪኩ ያመልጣል። ዓላማው ውሻው ድምፁን ብቻ ሰምቶ ይዘል እንደሆነ ማየት ነበር። ግን ውሾቹ ጭራሽ አልዘለሉም። ኤሌክትሪኩ ራሱ መጥቶም አልዘለሉም። ጥናቱ ተበላሸ።

ብሩስ ኦቨርሚየርና ማርቲን ሴሊግማን የተባሉ ወጣት ተመራማሪዎች ግን እንደ ብልሽት አላዩትም። ዋናው ግኝት ይሄው ራሱ ነው አሉ። ሴሊግማን ከስቲቨን ማየር ጋር ሆኖ በ1967 ያሳተመው ሙከራ ነው በኋላ ዓለምን ያዳረሰው። አሠልጣኛችን ያወራው ይህንኑ ነው። ትልቁን ክፍል ግን ዘሎታል። አሠልጣኙ ያወራልን ስለ አንድ ዓይነት ውሻ ነው። በሙከራው ውስጥ የነበሩት ግን ሦስት ቡድኖች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ቡድን 8 ውሾች።

የመጀመሪያው ቡድን ውሾች በጨርቅ ማንጠልጠያ ውስጥ ታስረው፣ ራሳቸው ግራና ቀኝ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ተደርጎላቸዋል። ኤሌክትሪኩ ሲመጣ በራሳቸው ሰሌዳውን ከገፉት ይቆማል። ይህ በአማካይ በየአንድ ደቂቃ ተኩል እየመጣ 64 ጊዜ ተደጋገመ። ውሾቹ ዘዴውን ቶሎ አወቁት።

የሁለተኛው ቡድን ውሾችም እንደዚያው ታስረዋል። ሰሌዳውም አለ። እነሱ ቢገፉት ግን ምንም አይመጣም። ኤሌክትሪኩ የሚቆምላቸው የመጀመሪያው ቡድን ውሾች በሚያቆሙበት ጊዜ ልክ ነው። የደረሰባቸው ሕመም በመጠኑም በቁጥሩም ከመጀመሪያዎቹ ጋር እኩል ነው። የሚለያዩት በአንድ ነገር ብቻ ነው። እነዚያ በራሳቸው ያቆሙታል፤ ለነዚህ ደግሞ እንዲያው በራሱ ጊዜ ይቆማል። ሦስተኛው ቡድን በዚህ ሁሉ ውስጥ አላለፈም።

በማግስቱ ሁሉም አጥር ያለው ሳጥን ውስጥ ገቡ። መብራቱ ሲደበዝዝ ኤሌክትሪኩ ከ10 ሰከንድ በኋላ ይመጣል ማለት ነው። 10 ዕድል ተሰጣቸው። አንደኛውና ሦስተኛው ቡድን እየዘለሉ አመለጡ። ከሁለተኛው ቡድን 8 ውሾች 6ቱ ግን ከ10ሩ ዕድል ቢያንስ 9ኙን ሳይዘሉ አሳለፉ። መጀመሪያ ትንሽ ይሯሯጣሉ፣ ይጮኻሉ። ቀጥሎ ይተኙና እያለቃቀሱ ይቀበሉታል።

ሁለተኛው ቡድን ብቻ ቢኖር ኖሮ ምንም ማለት አይቻልም ነበር። «ሕመሙ አደከማቸው» ብንል ማን ይከራከረናል? የመጀመሪያው ቡድን ነው ይህን መልስ የዘጋው። ያን ያህል ሕመም ደርሶበትም ዘሏል። ስለዚህ ውሻውን ያስተኛው የሕመሙ ብዛት አይደለም። ሕመሙ እሱ ከሚያደርገው ነገር ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው መሆኑ ነው።

ያ ሥልጠና ሲታወሰኝ የሚጎረብጠኝም እዚህ ላይ ነው። ስለ አንድ ማኅበረሰብ «አቅመ ቢስነት ተምሯል» የሚል ሰው የመጀመሪያው ቡድን የት እንዳለ ሊያሳየኝ ይገባል። ያንኑ ያህል ችግር ደርሶበት፣ ግን ሰሌዳው በእጁ የነበረ ሕዝብ የት አለ? ያ በሌለበት፣ የምናየው ነገር ድካም ይሁን፣ ድህነት ይሁን፣ ብልሃት ይሁን መለየት አንችልም።

## ዝም ብሎ መቆም

ያኔም ቢሆን ሁሉም አላመነም። የባህሪ ተመራማሪዎች የሆኑ ተቺዎች አንድ ጠንካራ ጥያቄ አነሡ። ውሻው ስለ አቅሙ ያሰበው ነገር የለም አሉ። ታስሮ እያለ፣ ምናልባት ሳይንቀሳቀስ በቆመበት ቅጽበት በአጋጣሚ ኤሌክትሪኩ ቆሞለት፣ አለመንቀሳቀስን ልማድ አድርጎት ይሆናል። ሳጥኑ ውስጥም ያንኑ ልማድ ይዞ ገባ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ፣ የትናንቱን አመል ዛሬ መድገም ነው እንጂ ሌላ ምንም የለበትም።

ማየር በ1970 ለዚህ ያመጣው መልስ ካነበብኳቸው ሙከራዎች ሁሉ የወደድኩት ነው። ውሾቹን አለመንቀሳቀስን አስተማራቸው። ኤሌክትሪኩ ሲመጣ ውሻው ራሱን ሳያንቀሳቅስ ዝም ብሎ ከቆመ ይቆምለታል። ከተንቀሳቀሰ ይቀጥላል። የተቺዎቹ ሐሳብ ትክክል ከሆነ እነዚህ ውሾች ሳጥን ውስጥ ሲገቡ ከሁሉም የባሱ መሆን አለባቸው። ምክንያቱም ዝም ብሎ መቆምን በደንብ ሠልጥነውበታል።

አልሆነም። መጀመሪያ ላይ ዘግየት ቢሉም፣ ዘለው ማምለጥን ተማሩ። ጎን ለጎን የተፈተኑት፣ ምንም ቢያደርጉ ምንም የማይለወጥላቸው ውሾች ግን ተኝተው ቀሩ።

ይህን ሳነብ ብዙ ቆየሁበት። ከውጭ ስታያቸው ሁለቱ ውሾች አንድ ናቸው። ሁለቱም ታስረዋል፣ ሁለቱም አይንቀሳቀሱም። የአንዱ አለመንቀሳቀስ ግን ሥራ ነው። ኤሌክትሪኩን የሚያጠፋው በዚያ ነው። የሌላው ምንም አያመጣም። ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ይህን ልዩነት በዓይኑ ሊያየው አይችልም። ለማወቅ የግድ ውሻው ዝም ሲል ምን እንደሚለወጥ መጠየቅ አለበት።

## ያልተወራው ክፍል

አሁን ወደ ጥያቄው። ከዚያ ወዲያ ምን ሆኑ?

መጀመሪያ የማይወራው ነገር፣ ሁሉም ውሾች አልተኙም። በነዚያ ዓመታት በተደረጉት ሙከራዎች ማምለጥ ከማይቻለው ኤሌክትሪክ በኋላ ከሦስት አንድ ያህሉ ምንም አልሆነም። ሳጥን ውስጥ ገብቶ ዘለለ። በ1974 ዶናልድ ሂሮቶ በኤሌክትሪክ ፋንታ የሚያስጨንቅ ጩኸት ተጠቅሞ በተማሪዎች ላይ ተመሳሳይ ሙከራ ሲያደርግም እንዲሁ ነበር። ከሦስት አንዱ ያህል አልተበገረም። አንዳንዱ ደግሞ ገና ከመነሻው፣ ምንም ሳይደርስበት ዝም ብሎ ተቀመጠ። ታሪኩ ለመድረክ ሲዘጋጅ ይህ ይቆረጣል፤ ለማስፈራራት አይመችማ።

ሁለተኛው የጊዜ ነገር ነው። ኦቨርሚየርና ሴሊግማን ውሾቹን በ24 ሰዓት ሳይሆን በ48 ሰዓት ወይም ከዚያ ዘግይተው ሲፈትኗቸው አብዛኛው ችግር ጠፍቶ አገኙት። ከአንድ ቀን ነዘራ በኋላ የመጣው ዝምታ በራሱ ጊዜ ይለቅ ነበር። በ24ኛው ሰዓት ተፈትኖ የወደቀው ውሻ ግን ከዚያ በኋላም መውደቁን ይቀጥላል። ከሳምንት በኋላ ሲመልሱትም አይዘልም። ምን ማለት ነው ይሄ? ገና ሳያገግም መፈተኑ ራሱ አንድ ተጨማሪ ጉዳት ሆነበት። የመጀመሪያው ባይሆን እንኳ ሁለተኛው ነው ያስቀረው።

ሦስተኛው ደግሞ «ማን አስነሣቸው?» ለሚለው መልስ ነው። ሴሊግማን፣ ማየርና ጂር በ1968 የተኙትን ውሾች ለማስነሣት ሞከሩ። አጥሩን አነሡላቸው። ከወዲያኛው ወገን ቆመው ጠሯቸው። የሚበላ ነገር ወረወሩላቸው። ምንም። የራበው ውሻ እንኳ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ አንገቱ ላይ ገመድ አስረው ኤሌክትሪኩ በመጣ ቁጥር ወደ ማዶ ጎተቱት። መጀመሪያ በኃይል ነበር። ደጋግመው ጎተቱት። እያደር ጉተታው ቀለለ። ከዚያ ገመዱን ነካ ማድረግ በቂ ሆነ። ከዚያ ውሻው ራሱ መሻገር ጀመረ። አንዴ ከጀመረ በኋላም አላቆመም።

ልብ በሉ፤ በሩ ክፍት መሆኑ አልጠቀመም። ምክርም ማባበያም አልጠቀመም። የጠቀመው ውሻው በራሱ እግር ተሻግሮ፣ በተሻገረበት ቅጽበት ሕመሙ ሲቆም ደጋግሞ ማየቱ ነው። ገመዱ የሠራው ያንን አጋጣሚ መፍጠር ብቻ ነው። ጎታቹ ማዶ አድርሶት ሕመሙ ባይቆም ኖሮ፣ መጎተቱ ሌላ ማሠቃየት ይሆን ነበር።

አራተኛው ክትባት ይመስላል። ማንጠልጠያው ውስጥ ከመግባቱ በፊት አጥር ዘሎ ማምለጥን የሚያውቅ ውሻ፣ በኋላ የማያመልጠው ነገር ሲደርስበት አይሰበርም። በማግስቱም ይዘላል። በምርምሩ ውስጥ ትልቁ ነገር ይህ እንደሆነ የገባኝ ግን የሚቀጥለውን ካነበብኩ በኋላ ነው።

## ሐረጎ ላይ

ሴሊግማን በኋላ ወደ ሰው ዞረ። በ1978 ከሊን አብራምሰንና ከጆን ቲስዴል ጋር ሆኖ ሐሳቡን አሻሻለው። ሰው ችግር ሲደርስበት «ለምን?» ይላል፤ የሚጎዳውም ለራሱ በሚሰጠው መልስ ነው አሉ። በኔ ምክንያት ነው፣ ሁሌም እንዲህ ነው፣ በሁሉም ነገር እንዲህ ነው የሚል ሰው የበለጠ ይወድቃል። ይህ ብዙ ስለተጻፈበት አላቆይበትም።

ማየር ግን ወደ አንጎል ገባ። ወደ ኮሎራዶ ሄዶ በአይጦች መሥራት ጀመረ። አሠራሩ ያው ነው፤ አይጧ ጭራዋ ላይ ኤሌክትሪክ ይመጣባታል፣ ከፊቷ ትንሽ መንኮራኩር አለ። አንደኛዋ መንኮራኩሩን ስታዞር ይቆማል። ሁለተኛዋ ብታዞርም ባታዞርም የሚቆምላት አንደኛዋ ባቆመችበት ሰዓት ነው።

ያገኘው ነገር የመጀመሪያውን ሐሳብ ገለበጠው። ከአንጎል ግንድ ውስጥ ዶርሳል ራፌ ኒውክሊየስ የሚባል ትንሽ ቦታ አለ። ሕመም ሲረዝም ይህ ቦታ ሴሮቶኒን የተባለውን ንጥረ ነገር በብዛት ይረጫል። ያ ሲሆን እንስሳው ይፈራል፣ ከመንቀሳቀስም ይቆጠባል። ይህ ቦታ ግን «ይሄን ማቆም እችላለሁ ወይስ አልችልም?» የሚለውን በራሱ አያውቅም። ሕመም ከቆየ ይነሣል፣ በቃ። ሊያመልጥ የሚችለውም የማይችለውም እንስሳ ላይ ይነሣል።

ልዩነቱ የሚመጣው ከግንባር ጀርባ ካለው የአንጎል ክፍል ነው። ይህ ክፍል እንስሳው ያደረገው ነገር ሕመሙን እንዳቆመው ሲገነዘብ፣ ወደ ታች መልእክት ልኮ ያንን ትንሽ ቦታ ያረግበዋል። ማምለጥ የማይችለው እንስሳ ላይ መልእክቱ አይላክም። ስለዚህ የታችኛው ቦታ እንደተነሣ ይቀራል።

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሐረጎን በአይሱዙ የወረደ ሰው ይገባዋል። መኪናው ቁልቁል ለመውረድ ማንም አያስተምረውም። ሥራ የሚሠራው ፍሬኑ ነው። እኛ ግን ሃምሳ ዓመት ሙሉ መኪናው መውረድን ከየት ተማረ ስንል ነበር።

ይህን የሚያረጋግጠው ሙከራ በ2005 ታተመ። ማየርና ባልደረቦቹ የአይጦቹን የግንባር ክፍል ለጊዜው ጸጥ የሚያደርግ መድኃኒት ሰጧቸው። አይጦቹ መንኮራኩሩን ማዞር ተማሩ። ኤሌክትሪኩንም በራሳቸው አቆሙ። በማግስቱ ግን ልክ ማምለጥ እንዳልቻሉት አይጦች ሆኑ። ሰሌዳው በእጃቸው ነበር፤ ሆኖም መልእክቱ ወደ ታች አልወረደም። በሌላ ሙከራ ደግሞ ተቃራኒውን አደረጉ። ማምለጥ የማይችሉትን አይጦች የግንባር ክፍል በመድኃኒት ቀሰቀሱት። እነዚህ ምንም ያቆሙት ነገር ሳይኖር በማግስቱ ደህና ሆነው ተገኙ።

በ2016 ማየርና ሴሊግማን ሁለቱም አርጅተው፣ በአንድ ላይ አንድ ረጅም ጽሑፍ አሳተሙ። የወጣትነታቸው ሐሳብ ወደ ኋላ የተገለበጠ ነበር ብለው በግልጽ ጻፉ። መተኛትና ዝም ማለት የሚማሩት ነገር አይደለም። ሕመም ሲረዝም በራሱ የሚመጣ የተፈጥሮ ምላሽ ነው። እንስሳው የሚማረው ሌላ ነገር ነው፤ ባደረግኩት ነገር ነገሩ ተለወጠ የሚለውን። ይህን ከተማረ ያ ትምህርት ለቀጣዩም ጊዜ ይተርፈዋል። የውሾቹ ክትባት ምሥጢርም ይሄው ነው። አንዴ መንኮራኩሩን አዙሮ ያቆመ አይጥ ከሳምንት በኋላ ሊያቆመው የማይችለው ኤሌክትሪክ ሲመጣበት፣ የግንባሩ ክፍል ያለፈውን ይዞ ይሠራለታል።

## አጥሩ ዝቅ ማለቱን ማን አየ?

ይህን ሁሉ ይዤ ወደኛ ነገር ስመለስ፣ የሥልጠናው ታሪክ ሁለት ቦታ ላይ ይሰነጠቅብኛል።

አንደኛው ሳጥኑ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ተመራማሪው አጥሩ ሊዘለል እንደሚችል በርግጠኝነት ያውቃል። ሌሎች ውሾች ሲዘሉት አይቷል። ለዚህ ነው የማይዘለውን ውሻ «ተሳስቷል» ማለት የሚችለው። የለጋምቦን በልግ እንውሰድ። ደጋው በበልግ ገብስ ይዘራል። ዝናቡ በየካቲትና በመጋቢት ካልመጣ ዘሩ መሬት ውስጥ ይቀራል። ቢመጣም በረዶ አለ፣ ውርጭ አለ። ገበሬው ማዳበሪያ በብድር ውሰድ ሲባል ያመነታል። በልጉ ከቀረ ዘሩም የለም፣ ዕዳው ግን አለ። ያመነታውን ሰው ተስፋ የቆረጠ ልንለው እንችላለን። እንደ ማየር ውሻ ዝም ብሎ መቆሙ የሚያድነው ሆኖ አግኝቶትም ይሆናል። የቱ እንደሆነ ለማወቅ ቢያንስ አንድ ነገር መደረግ አለበት። ዝናብ ባይመጣ ዕዳው የሚቀርለት ገበሬና የማይቀርለት ገበሬ ጎን ለጎን ይታዩ። ዕዳው የሚቀርለት ከዘራ፣ ያኛውን የያዘው ስንፍና ሳይሆን ሒሳብ ነበር ማለት ነው። ዕዳው ቀርቶለት፣ ዘር ተሰጥቶት፣ ጎረቤቶቹ ሲያመርቱ እያየ ካልዘራ፣ ያኔ ስለ ውሾቹ ልንነጋገር እንችላለን።

ሁለተኛው 77 ራሱ ነው። «እርዳታ ለመደ፣ ተቀመጠ» የሚል ሰው የወሎን ትልልቅ ሰዎች ጠይቆ አያውቅም። እኛ ቤት በቡና ሰዓት ሲነሣ ታሪኩ በቅደም ተከተል ነው የሚወራው። መጀመሪያ ፍየሎቹ ተሸጡ። ቀጥሎ ላሟ። በሬው እስከ መጨረሻ ተያዘ፤ በሬ ከሄደ እርሻ የለማ። ከዚያ እሱም ሄደ። ከዚያ የቤቱ ማገር ተነቅሎ፣ እንጨት ተደርጎ ገበያ ወረደ። በሩም ተነቅሎ ተሸጠ። ከዚያ በእግር ጉዞ፣ ወደ ኮረም። የተቀመጠ ሰው ኮረም አይደርስም። እያንዳንዱ ነገር ሰሌዳውን መግፋት ነበር። የገፉት ሁሉ አልሠራም እንጂ። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይባላል፤ የገፋውን ሰው አልገፋህም ማለት ይኼኛው ምሳር ነው።

አሠልጣኙ የተናገረው ነገር ሁሉ ግን ከንቱ ነው አልልም። እርዳታ ሰውን አያስተኛም ብዬ አልከራከርም። ጥያቄው የትኛው ዓይነት እርዳታ ነው ይመስለኛል። የሚመጣው እህል መቼ እንደሚመጣ፣ ስንት እንደሚሆን፣ ለማን እንደሚደርስ ከሰውየው ሥራ ጋር ምንም ካልተያያዘ፣ መልካም ነገር ሆኖም ቢሆን ሁለተኛው ቡድን ውስጥ ነው ያለው። በቀኑ ይመጣል፣ በቀኑ ይቀራል። መንደሩ ምንጩን ራሱ አጎልብቶ፣ ቧንቧው ሲሰበር ራሱ ተሰብስቦ ሲጠግነው ግን ያዞረው መንኮራኩር አለ። የግንባር ክፍላቸው ምን ላከ ብዬ አልናገርም፣ ማንም አልለካውም። ጥያቄው ግን ከውሾቹ ሙከራ በቀጥታ የሚመጣ ነው። ይህ ሰው ያደረገው ነገር ምኑን ለወጠው?

## ወንድ አይጦች

ስለ አንጎሉ ያወራሁት ሁሉ ከአይጥ የመጣ መሆኑን መርሳት የለብንም። ሰው ላይ ያለው ማስረጃ ከዚያ ይቀጥናል። በጩኸት የተፈተነ የዩኒቨርሲቲ ተማሪና ዓመታትን በችግር ያሳለፈ ገበሬ አንድ አይደሉም። የውሻው ዝምታ በሁለት ቀን ሲለቅ፣ የሰው የመንፈስ ጭንቀት ወራት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አንዱን የሌላው ግልባጭ ማድረግ አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ቆም ያደረገኝ ግን ዘግይቼ ያነበብኩት ነገር ነው። እስካሁን ያወራሁት የፍሬኑ ታሪክ በአብዛኛው የተሠራው በወንድ አይጦች ነው። በ2018 ማይክል ባራታ የማየር ቡድን ውስጥ ሆኖ ከባልደረቦቹ ጋር ያንኑ ሙከራ በሴት አይጦች አደረገው። ሴቶቹ መንኮራኩሩን ማዞር በሚገባ ተማሩ። ኤሌክትሪኩንም በራሳቸው እጅ አቆሙ። በማግስቱ ግን ማምለጥ ካልቻሉት የተለዩ ሆነው አልተገኙም። የታችኛው ቦታ ሊረግብላቸው ሲገባ እንደተነሣ ነበር። ሰሌዳውን መያዛቸው ወንዶቹን የጠበቀውን ያህል እነሱን አልጠበቃቸውም።

ይህ ስለ ወሎ ሴቶች የሚነግረን ነገር አለ ብዬ አልዘልም። አይጥ አይጥ ናት። ግን ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ልጅ አዝላ ስብሰባ የምትመጣ እናት፣ የኮሚቴ አባል ስለሆነች ብቻ ሁሉ ነገር በእጇ ገባ ብለን እንድናልፍ ቤተ ሙከራው አልፈቀደልንም። መንኮራኩሩን ማዞርና በማዞር መጠበቅ፣ በወንዶቹ አይጦች ላይ አብረው የሄዱ ሁለት ነገሮች፣ በሴቶቹ ላይ ተለያይተዋል። የተለያዩበትን ምክንያት አሁንም እየፈለጉት ነው።